የመሥራቹ ድርሻ የት ገባ?

አሮን ሌቪ ፋይል በኢንተርኔት የሚያስቀምጠውን ቦክስ የተባለ ኩባንያ በ2005 እ.ኤ.አ. ከጓደኛው ጋር መሠረተ። በ2014 ኩባንያው አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ ሰነድ ሲያስገባ የሌቪ ድርሻ 4 በመቶ አካባቢ ነበር። ማንም አልነጠቀውም፤ በየዙሩ ገንዘብ ሲገባ እየሳሳ የሄደ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ሁለት መሥራቾች 500,000፣ 500,000 አክሲዮን አላቸው እንበል። አንድ ባለሀብት ድርጅቱን 8 ሚሊዮን ዶላር ገምቶ 2 ሚሊዮን ያስገባል። ገንዘቡ የሚገባው በድርጅቱ ካዝና ስለሆነ ከመሥራቾቹ አክሲዮን አይገዛም፤ 250,000 አዲስ አክሲዮን ይታተምለታል። የእያንዳንዱ መሥራች አክሲዮን አልቀነሰም፤ ድርሻው ግን ከ50 ወደ 40 በመቶ ወረደ። በሁለተኛው ዙር ሌላ 20 በመቶ ቢሸጥ 32፣ በሦስተኛው 25.6 በመቶ ይሆናል።

ብዙዎችን የሚያዘናጋው ግን ለሠራተኞች የሚቀመጠው አክሲዮን ነው። ባለሀብቱ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ 10 በመቶ ለሠራተኛ እንዲቀመጥ፣ እሱም ከእሱ ገንዘብ በፊት እንዲታተም ቢጠይቅ የእሱ 20 በመቶ አይነካም። መሥራቾቹ ግን በ40 ፈንታ 35፣ 35 በመቶ ይዘው ይቀራሉ።

ድርሻ መሳሳቱ ብቻውን ኪሳራ አይደለም። በሁለተኛው ዙር ድርጅቱ 40 ሚሊዮን ቢያወጣ 32 በመቶው 12.8 ሚሊዮን ነው፤ በመጀመሪያው ዙር 40 በመቶው 4 ሚሊዮን ብቻ ነበር። የሚጎዳው ግምቱ ከቀድሞው ዙር ሲወርድ ነው፤ ያኔ ድርሻውም ዋጋውም አብረው ያንሳሉ።