የቅዳሜው ቀይ እስክሪብቶ

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቦርሳውን አንግቶ የሚቆመው መምህር ብዙ ጊዜ ልጅ ሊያስጠና የሚሄድ ነው። እኔም ሂሳብ በማስተምርባቸው ዓመታት እዚያ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። አንዱን ታክሲ ወርጄ ሌላውን እይዝና ልጁ ቤት እደርሳለሁ። ሁለት ሰዓት አስጠንቼ፣ እናቱ ያፈሉትን ቡና ጠጥቼ ስመለስ መሽቷል። ኪሴ የገባውን ብር ብቻ እቆጥር ስለነበር ሥራው የሚያዋጣኝ ይመስለኝ ነበር። የሄደብኝን ሰዓት መቁጠር የጀመርኩት ዘግይቼ ነው።

አስጠኚ ፈላጊው ብዙ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ። ከዚያ ወዲህ ልጁ 11ኛ ክፍል ሳይገባ አስጠኚ የሚያፈላልግ ወላጅ ማየት ብርቅ አይደለም። የመምህሩ ችግር ሌላ ነው፤ ደመወዙን የሚያገኝበትን ሥራ ሳይጎዳ ከሁለቱ የዕረፍት ቀናት ምን ያህሉን፣ በምን ዋጋ መሸጥ እንዳለበት ማወቅ።

እስቲ እናስላው። ዋጋው እንደየሰፈሩ ስለሚለያይ ቁጥሮቹ ለስሌቱ እንዲመቹ የያዝኳቸው ናቸው። መምህሩ ቤት ለቤት ሄዶ አንድ ልጅ በሰዓት 300 ብር ያስጠናል እንበል። ለሁለት ሰዓት 600 ብር ያገኛል። ለታክሲ 80 ብር ቢያወጣ 520 ይቀረዋል። ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ለዝግጅት ግማሽ ሰዓት ይጨመር። በድምሩ አራት ሰዓት ሆነ። 520 ለአራት ሲካፈል 130 ብር ነው። በአፍ 300 የተባለው ሰዓት ቤት ሲገባ 130 ሆኖ ይገኛል።

አሁን ደግሞ ይኸው መምህር በሚኖርበት ሰፈር አምስት ልጆች ሰብስቦ እያንዳንዱን በሰዓት 150 ብር ያስከፍል። በሁለት ሰዓት 1,500 ብር ይሆናል። ለክፍል ኪራይ 300፣ ለፎቶ ኮፒ 100 ብር ሲቀነስ 1,100 ይቀራል። ለማስተማር ሁለት ሰዓት፣ ለመንገድ ግማሽ፣ ለዝግጅት አንድ፣ ለእርማት አንድ ሰዓት ሲደመር አራት ሰዓት ተኩል ነው። የሰዓቱ ገቢ ወደ 244 ብር አደገ፤ የወላጁ ወጪ ደግሞ በግማሽ ቀነሰ። ከዚያ ቀጥሎ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት ሌላ አምስት ልጅ ቢያስጠና ዝግጅቱና መንገዱ አይደገምም፤ የሚደገሙት ማስተማሩ፣ እርማቱ፣ ኪራዩና ኮፒው ናቸው። በሰባት ሰዓት ተኩል 2,200 ብር ይቀረዋል፤ በሰዓት ወደ 293 ብር ማለት ነው።

ክፍል መከራየት የማይመች ከሆነ የአንዱ ልጅ ቤተሰብ ሳሎኑን ይሰጥና ልጁ በነጻ ይማራል። የአንድ ልጅ የሁለት ሰዓት ክፍያ 300 ብር ስለሆነ ከኪራዩ ጋር እኩል ነው፤ ማንም አይጎዳም። እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ። ሳሎን ውስጥ በሩ ክፍት ነው፣ ከቤቱ ትልቅ ሰው አይጠፋም፣ ለልጆቹም ለመምህሩም ስም ይህ ይሻላል።

ሦስተኛ ቡድን ለመጨመር ልብ ይከጅላል። ሒሳቡ ወረቀት ላይ ያምራል፤ ሰኞ ጠዋት ግን ድምፁ የሰለለ መምህር ጥቁር ሰሌዳ ፊት ይቆማል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጓደለው ደግሞ እርማቱ ነው። እርማቱ ከተጓደለ ወላጅ የሚከፍልበት ነገር አብሮ ይሄዳል።

ብዙ መምህር የሚሸጠው ማብራራት ይመስለዋል። ማብራሪያማ በዩቲዩብም በቴሌግራም ቻናልም በነጻ ሞልቷል። ዓመታት ደብተር ያረመ መምህር ብቻ ያለው ችሎታ የልጁን ስህተት አይቶ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ምንም አይማሩም፤ ይፈተናሉ። ሃያ ጥያቄ፣ አንድ ሰዓት፣ ምርጫ የሌለው፣ ሥራው ሁሉ ወረቀቱ ላይ የሚታይ። ምርጫ የሚቀረው በምክንያት ነው። አገር አቀፉ ፈተና ምርጫ ስለሆነ ልጁ በግምት ያገኘውንና አውቆ ያገኘውን መለየት አይቻልም። ጥያቄዎቹም ሁሉም ከ12ኛ ክፍል አይሆኑም፤ ግማሾቹ ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ባለው ትምህርት ላይ ይወጣሉ።

እንደሚከተለው ያለ ወረቀት ይመጣል። ልጁ ሊሚት ላይ ተሳስቷል። መልሱን ብቻ ያየ ሰው ሊሚት አልገባውም ብሎ ሊሚትን ከአንድ ያስተምረዋል። ሥራውን መስመር በመስመር የተከተለ ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ይህን ያገኛል፦

(x − 3)² = x² − 9

ሊሚቱ ደህና ነው። የጠፋው መካከለኛው ቁጥር ነው፤ ትክክለኛው x² − 6x + 9 ነበር። ይኸው ልጅ ሌላ ጥያቄ ላይ √(9 + 16) የሚለውን 3 + 4 ብሎ 7 ጽፏል፤ መልሱ 5 ነው። ሁለቱ ስህተቶች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ልጁ ካሬም ሆነ ስኩዌር ሩት በቅንፍ ውስጥ ላለው እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው የሚታደል ይመስለዋል። ሊሚትም ይሁን ክብ ወይም ቬክተር፣ የትም ቢሄድ ይህ ስህተት አብሮት ይሄዳል። ጥሩ ፈተና አውጪ ደግሞ ይህን ስለሚያውቅ ስህተቱ የሚያመጣውን መልስ ከምርጫዎቹ አንዱ ያደርገዋል። ልጁ መልሱን ምርጫው ውስጥ ሲያገኘው ደስ ብሎት ያከብበዋል።

እርማቱ ሲያልቅ መምህሩ አንድ ተራ ደብተር ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ። ገጹ ላይ ውጤት አይጻፍም፤ ስህተቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሰፍራል፤ «ቅንፍ ሲፈታ መካከለኛውን ይጥላል» እንደማለት። ቡድን የሚመደበውም በዚህ ነው። ክፍላቸው ቢለያይም ስህተታቸው የሚመሳሰል አምስት ልጆች፣ አንድ ክፍል ሆነው ደረጃቸው ከተራራቀ አምስት ልጆች ይልቅ አብረው ይራመዳሉ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሁሉ መልኩ አንድ ነው። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አሥር ጥያቄ፤ ከአሥሩ ሁለቱ ከልጁ የቀድሞ ስህተት የተወለዱ፣ ቁጥራቸው ብቻ የተቀየረ። ቀጣዩ ጊዜ ለአንድ ርዕስ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ አንዱን ለሌሎቹ ያስረዳል። ወረቀቱን መምህሩ ራሱ ቢያዘጋጅ ይሻላል። ገበያ ላይ ያለን መጽሐፍ ኮፒ አድርጎ ለተማሪ መሸጥ የሌላውን ሰው ሥራ መውሰድ ነው፤ የቁጥር ጥያቄ ለመጻፍ ደግሞ የሂሳብ መምህር ችግር የለበትም።

ነገሩ እየተበላሸ መሆኑ ከሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው የቤት ሥራው ንጹህ ሆኖ የሩብ ሰዓቱ ፈተና ፈቀቅ ሲል አለማየት ነው፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው እየሠራለት ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ልጆቹ «ቲቸር፣ ነገ የምናስረክበው አሳይመንት አለ» እያሉ መምጣት ሲጀምሩ ነው። አንዴ ከተፈቀደ ቅዳሜው የትምህርት ቤቱ አሳይመንት መሥሪያ ይሆናል፤ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ወላጅ «ምን ለውጥ አመጣ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እውነቱን ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር አላውቅም። መምህር ራሱ በክፍሉ የሚያስተምረውንና ውጤት የሚሰጠውን ልጅ በገንዘብ ማስጠናት የለበትም። ክፉ ሐሳብ ባይኖረው እንኳ፣ ለሚከፍለው ልጅ በፈተና ዋዜማ የሠራለት ጥያቄ በማግስቱ ፈተናው ላይ ቢገኝ ማን ያምነዋል? ክፍል ውስጥ ሆን ብሎ ያጎድላል የሚል ሐሜትም ይከተለዋል። በአንድ ወቅት አብሬው ያስተማርኩት ባልደረባዬ ይህ ደርሶበታል። ልጁ በደህና ውጤት አለፈ፤ ውጤቱን ግን ከክፍል ጓደኞቹ ያመነው አልነበረም፤ ለልጁም ከሁሉ የከበደው ይኸው ነው። ስለዚህ ተማሪው ከሌላ ትምህርት ቤት፣ ወይም ቢያንስ መምህሩ ከማይገባበት ክፍል ይምጣ። የግል ትምህርት ቤት መምህር ደግሞ የቅጥር ውሉን አውጥቶ ያንብብ፤ ሌላ ሥራ ያለፈቃድ መሥራትን የሚከለክል ውል አለ። ርዕሰ መምህሩን አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ወሬው ከሌላ ሰው አፍ ከመድረሱ በፊት ነገሩን ያበርደዋል።

የገንዘቡ ወሬ መምህርን ያሳፍረዋል። ይሉኝታው ግን መጨረሻ ላይ ወደ ቅያሜ ይለወጣል፤ ወር አልፎ ሌላ ወር ሲገባ ወላጅ ይዘነጋል፣ መምህሩም ዝም ብሎ ውስጡ ይሻክራል። መፍትሔው መጀመሪያ ቀን ላይ መናገር ነው፤ «እናቴ፣ ክፍያው ወሩ ሲገባ በቴሌብር ነው፤ አራት ቅዳሜ አለው፤ ልጁ ቢቀር ቅዳሜው ይቆጠራል፤ እኔ ከቀረሁ ግን እክሳለሁ።» ይህን በአክብሮት የተናገረ መምህር ላይ የተቆጣ ወላጅ አላየሁም። ገቢው ቋሚ እየሆነ ከመጣ ከደመወዙ የተለየ ገቢ ነውና የወረዳውን የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ትምህርት ቤቱ ከደመወዝ የሚቆርጠው ግብር ይህንን አይሸፍንም።

አዲስ የሚጀምር መምህር የሚረሳው ወቅቱን ነው። መስከረም ላይ ወላጅ ገና ደብተርና ዩኒፎርም እየገዛ ስለሆነ ቡድኑ የሚሞላው ጥቅምት ላይ ነው። ገናና ጥምቀት በተከታታይ ሲመጡ ጥር ላይ አንድ ሁለት ቅዳሜ ይጠፋል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ሰልፍ ነው፤ መምህሩ ልጅ መመለስ የሚጀምረው ያኔ ነው። ፈተናው ሲያልፍ ግን ሳሎኑ በአንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል፤ ክረምቱን ገቢው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የዓመቱ ገቢ ለ12 ወር ሳይሆን ለስምንት ወር ነው የሚሰላው። እቁብ እጥላለሁ የሚልም አለ፤ እቁብ ግን በዕጣ ነውና ነሐሴ ላይ ይደርሰኛል ብሎ መተማመን አይቻልም። ከየወሩ ገቢ ሲሶውን በሌላ የባንክ ደብተር ማስቀመጥ ይቀላል።

ባዶውን ክረምት ለአንድ ሥራ እጠቀምበት ነበር። የዓመቱን የስህተት ደብተር ገልጬ፣ የተደጋገሙትን ስህተቶች አውጥቼ፣ ለጥቅምት የሚሆነውን አዲሱን የሃያ ጥያቄ ወረቀት ከእነሱ እሠራለሁ። ቅንፉ በየዓመቱ አንደኛ ነበር።