መብራት ጠፍቶ የተረፈው ኮምፒውተር፦ የሱቃችሁን ሒሳብ ፋይል ከቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ማትረፍ

መርካቶ ከሚራገፈው ዕቃ ብዙው በኮንቴነር ነው የሚመጣው። ከኮንቴነሮቹ ላይ ደግሞ ማርስክ የሚለውን ስም ያላየ ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 2017 ይሄ ግዙፍ የመርከብ ኩባንያ በአንድ ቀን ውስጥ ኮምፒውተሮቹ ከጥቅም ውጪ ሆኑ። ኖትፔትያ የሚባለው ቫይረስ የገባው የዩክሬን ሰዎች በሚጠቀሙበት አንድ የሒሳብ ሶፍትዌር አፕዴት በኩል ነበር። ስክሪኑ ላይ ገንዘብ ክፈሉ ይል ነበር እንጂ፣ ቢከፈልም ፋይሉ የሚመለስ አልነበረም።

ማርስክ ባክአፕ አልነበረውም እንዳትሉ፣ ነበረው። ችግሩ የመጣው የማን አካውንት የት እንደሚገባ ከሚቆጣጠሩት ዋና ሰርቨሮች ነው። ወደ 150 የሚጠጉ ነበሩ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል ተብሎ እርስ በርስ እየተገለባበጡ ይሠሩ ነበር። ሁሉም ኔትወርኩ ላይ ስለነበሩ ሁሉም አብረው ጠፉ። አንድ ብቻ ተረፈ፣ እሱም ጋና ያለው። ለምን ተረፈ? ቫይረሱ ሲመጣ እዚያ መብራት ጠፍቶ ነበር! ኩባንያው ኋላ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ ጫነ፤ ሥራውን መልሶ ያቆመው ግን በዚያ መብራት ባጠፋው ኮምፒውተር ላይ ባለው ኮፒ ነው።

እኛ ሰፈር ግን የሚያሰጋው ኖትፔትያ አይደለም። ለሱቅ ኮምፒውተር በጣም የሚቀርበው ስቶፕ ወይም ጅቩ የሚባለው ቤተሰብ ነው። መንገዱ ክራክ ነው። ፒችትሪ፣ ፎቶሾፕ፣ ኦፊስ በነፃ ለማስነሳት ከኢንተርኔት የሚወርደው ትንሽዬ ፋይል ውስጥ ተደብቆ ይገባል። ክራኩ ራሱ አንቲቫይረሱን አጥፉት ስለሚላችሁ በሩን የምትከፍቱለት ራሳችሁ ናችሁ። ከዚያ የፋይሎቹ ስም መጨረሻ ላይ የማታውቁት አራት ፊደል ይጨመራል፣ በየፎልደሩ `_readme.txt` የሚል ጽሑፍ ይቀመጣል። 980 ዶላር ክፈሉ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ 490 ይበቃል ይላል። ጽሑፉ ውስጥ ያለው መለያ ቁጥር በ`t1` የሚያልቅ ከሆነ ኤምሲሶፍት የሚባለው ኩባንያ በነፃ የሚሰጠው መፍቻ ሊሠራ ይችላል፤ ካልሆነ ተስፋው የመነመነ ነው።

አሁን አንድ ሱቅ እንውሰድ። አንድ ላፕቶፕ አለ፣ ሒሳቡ በፒችትሪ ነው፣ የዱቤ መዝገቡ ኤክሴል ላይ ነው። ባለቤቱ ጋሼ ጠንቃቃ ናቸው፣ ሃርድ ዲስክ ገዝተዋል። ዲስኩ ግን ዓመቱን ሙሉ ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ ይኖራል። ቫይረሱ ሲመጣ የሚያየው C የሚለውን ብቻ አይደለም፤ D፣ E፣ በኔትወርክ የተጋራ ፎልደር፣ ፍላሽ፣ ያገኘውን ሁሉ ይቆልፋል። ዊንዶውስ ራሱ የሚያስቀምጠውን የድሮ ኮፒም መጀመሪያ ያጠፋዋል። ጋሼ ያላቸው ሁለት ኮፒ ሳይሆን ሁለት ቦታ የተቆለፈ አንድ ፋይል ነው። ጉግል ድራይቭም እንደዚያው ነው፦ ላፕቶፑ ላይ የተለወጠውን ተከትሎ ይለውጣል። የድሮውን ቅጂ ለ30 ቀን ያህል ቢይዝላችሁም፣ የኢሜይሉን ፓስወርድ ያገኘ ሰው እሱንም መሰረዝ ይችላል።

ስለዚህ ዲስኩ መነቀል አለበት፣ አንድ ዲስክም አይበቃም። ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ ላይ ሀ፣ ሌላው ላይ ለ ብላችሁ ጻፉ። ቅዳሜ ማታ ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት ሀ ይሰካል፣ ይገለበጣል፣ ይነቀላል፣ ወደ ቤት ይሄዳል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የለ ነው። ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ቀን ሱቅ ውስጥ አይገናኙም። በሦስተኛው ቅዳሜ ሀ ተሰክቶ እያለ ቫይረሱ ቢነሳ ሀ ሄደ በሉት። ለ ግን ቤት ነው፣ ያለፈው ቅዳሜ ሒሳብ በሙሉ አለው። የጠፋው የአንድ ሳምንት ሽያጭ ነው፣ እሱ ደግሞ ከደረሰኝ ተመልሶ ይጻፋል።

ከመሰካታችሁ በፊት ላፕቶፑን እዩት። የዱቤ መዝገቡን ክፈቱ፣ ሁለት ሦስት ፎቶ ክፈቱ፣ የፋይሎቹ ስም መጨረሻ እንደ ወትሮው መሆኑን አረጋግጡ። አንድ ፋይል እንኳን አልከፈት ካለ ዲስኩን አትንኩት። በድሮው ላይ ደርባችሁ አትገልብጡ፤ ለየቅዳሜው በቀኑ ስም አዲስ ፎልደር ይከፈት። ቀስ ብሎ የተበላሸ ፋይል ካለ፣ ደርቦ መገልበጥ ደህናውን በተበላሸው ይተካዋል።

የተነቀለ ዲስክም ቢሆን በተሰካባት ደቂቃ ተጋላጭ ነው። ለዚህ ነው ማንም፣ እናንተም ጭምር፣ ልትለውጡት የማትችሉት ኮፒ የሚያስፈልገው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ኦብጀክት ሎክ የሚባለውን የክላውድ አገልግሎት ይጠቀማሉ። ፋይሉ ሲጫን ለምሳሌ ለ90 ቀን ተብሎ ይቆለፋል። ኮምፕላያንስ በሚባለው አሠራር ከተቆለፈ የአካውንቱ ባለቤት እንኳን ቀኑ ሳይደርስ ሊሰርዘው አይችልም። ገቨርናንስ የሚባለው ሌላኛው ግን ልዩ ፈቃድ ላለው ሰው ይከፈታል፣ ስለዚህ ስትመርጡ ልዩነቱን አትርሱ። ባክብሌዝ የመጀመሪያውን 10 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ክፍያው በዶላር መሆኑ እዚህ አገር ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለሱቅ የምመርጠው ያረጀውን ነገር ነው፦ ዲቪዲ። የፒችትሪ ባክአፕ `.ptb` የሚል አንድ ፋይል ነው፣ ለአንድ ሱቅ 4.7 ጊጋባይት ውስጥ በደንብ ይገባል። አዲስ ላፕቶፕ ማጫወቻ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ አለ። ስትገዙ `DVD-R` የሚል ይሁን፣ `RW` ከሆነ ተሰርዞ እንደገና ይጻፍበታል። ስትጽፉ ዊንዶውስ ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል፦ `Like a USB flash drive` እና `With a CD/DVD player`። ሁለተኛውን ምረጡ። በሌዘር ተቃጥሎ የተጻፈውን የትኛውም ቫይረስ ወደ ኋላ መልሶ መቆለፍ አይችልም። በወር አንድ፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ ይቀመጥ። ርካሽ ዲቪዲ ከዓመታት በኋላ አላነብም ሊል ስለሚችል በዲስኩ ፈንታ ሳይሆን ከዲስኩ ጋር ነው የሚሠራው።

የቀረው መሞከር ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። ፒችትሪ ላይ `File` ከዚያ `Restore` ግቡ፣ ዲቪዲው ላይ ያለውን ፋይል ምረጡ። የት ይመለስ ብሎ ሲጠይቅ `A New Company` በሉት፤ `An Existing Company` ካላችሁ የዛሬውን ሒሳብ በድሮው ይደመስሰዋል። ሲከፈት የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ከተገጣጠመ የሙከራውን ኮፒ አጥፍታችሁ ዲቪዲውን ወደ ቦታው መልሱ። ቁጥሩ ከሦስት ወር በፊት የቆመ ከሆነ ግን በየወሩ ሲጻፍ የነበረው የተሳሳተ ፋይል ነውና፣ ባክአፑ የት ፎልደር ላይ እየተቀመጠ እንደሆነ እዚያው ፈልጉ።