ኩባንያ የገዛ አክሲዮኑን ሲገዛ

አንድ የአክሲዮን ማኅበር ዓመቱን ሙሉ ነግዶ፣ ወጪውንና ግብሩን ቀንሶ ንጹሕ ትርፍ በእጁ ሲቀር፣ ያን ንዋይ ለሥራው ማስፋፊያ ካላዋለው በቀር ለባለቤቶቹ የሚመልስበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንደኛው በአገራችን ያሉ የባንክ ባለአክሲዮኖች ከጠቅላላ ጉባኤው በኋላ የሚጠብቁት የትርፍ ድርሻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኩባንያው ራሱ ወደ ገበያ ወጥቶ የገዛ አክሲዮኑን እየገዛ ከመዝገብ የሚያወጣበት፣ በእኛ ዘንድ ገና ያልተለመደ፣ በአሜሪካ ግን የታወቀ ሥርዓት ነው።

የሁለቱን ምሥጢር ለመመርመር፣ ጠቅላላ ዋጋው 1,000 ሚሊዮን ብር የሆነ፣ ከዚህም ውስጥ 100 ሚሊዮኑ ያለ ሥራ የተቀመጠ ጥሬ ገንዘብ የሆነ፣ በ10 ሚሊዮን አክሲዮን የተከፈለና በዓመት 100 ሚሊዮን ብር የሚያተርፍ ኩባንያ እናስብ። አንዱ አክሲዮን 100 ብር ያወጣል፤ ለአንዱ አክሲዮን የሚደርሰው ትርፍም 10 ብር ነው። የተቀመጠው ገንዘብ በትርፍ ድርሻ መልክ ቢታደል እያንዳንዱ አክሲዮን 10 ብር ይቀበላል፤ ነገር ግን ድርሻው ለአዲስ ገዢ መተላለፉ በሚያበቃበት ቀን የአክሲዮኑ ዋጋ ወደ 90 ብር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ገንዘቡ ከኩባንያው ካዝና ወጥቶ ወደ ባለቤቱ ኪስ ገባ እንጂ አዲስ ሀብት አልተወለደምና። ግብር ካለ እንዲያውም ጥቂት ይጎድላል።

በዚያው 100 ሚሊዮን ብር ኩባንያው አክሲዮኑን በ100 ብር ቢገዛ አንድ ሚሊዮን አክሲዮን ይሰረዛል፤ የቀረው የ900 ሚሊዮን ብር ሀብት ለ9 ሚሊዮን አክሲዮን ሲካፈል ዋጋው እንደ ቀድሞው 100 ብር ይሆናል። የተቀመጠው ገንዘብ ምንም አያስገኝም ነበርና የዓመቱ ትርፍ ባይነካም፣ ተካፋዩ ስላነሰ ለአንዱ አክሲዮን የሚደርሰው ትርፍ ከ10 ብር ወደ 11 ብር ከ11 ሳንቲም ከፍ ይላል። ጋዜጣ አንባቢውን የሚያስተው ይህ ነው፤ አኃዙ ከ11 በመቶ በላይ አድጎ ሳለ፣ ፋብሪካው አንድ ጠርሙስ እንኳ አስበልጦ አላመረተም፤ ለአንድ ብር ትርፍ ገበያው የሚከፍለውም ከ10 ብር ወደ 9 ብር ወርዷል።

እንግዲህ ቀሪውን ባለአክሲዮን የሚጠቅመው ወይም የሚጎዳው ግዢው ሳይሆን የተገዛበት ዋጋ ነው። እውነተኛ ዋጋው 100 ብር የሆነውን አክሲዮን ኩባንያው በ80 ብር ቢያገኘው 1.25 ሚሊዮኑን ይሰርዛል፤ ለቀሩትም አንዱ አክሲዮን ወደ 103 ብር ይጠጋል፤ ይህም ትርፍ በርካሽ ሸጠው ከሄዱት የተወሰደ ነው። በአንጻሩ ገበያው በሞቀበት ወራት በ125 ብር ቢገዛ፣ 800 ሺሕ ብቻ ተሰርዞ የቀሩት ዋጋ ከ98 ብር በታች ይወርዳል፤ በዚያን ጊዜ ግን ለአንዱ አክሲዮን የሚደርሰው ትርፍ አሁንም ከ10 ብር በላይ ሆኖ ይጻፋል። አኃዙ ከፍ ያለበትና ባለቤቱ የደኸየበት ዓመት አንድ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አለመታደል ሆኖ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚተርፋቸው ገበያው ባማረበት ወራት ነውና፣ ብዙውን ጊዜ የሚገዙት በውድ ነው።

ግዢው በራሱ ፈላጊ ስለሚያበዛ ዋጋውን ለጊዜው ሊደግፍ እንደሚችል አይካድም። ስለዚህም የአሜሪካ የገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ደንብ፣ የቀኑ ግዢ ከአማካይ የዕለት ግብይት ከሩብ ካልበለጠና ሌሎቹም ገደቦች ከተጠበቁ፣ ኩባንያው ዋጋ አዛብተሃል ተብሎ እንዳይከሰስ ከለላ ሰጠው።

ለዚህ ሁሉ ከአፕል ኩባንያ የተሻለ ምስክር አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2012 የትርፍ ድርሻንና የአክሲዮን ግዢን አንድ ላይ ያወጀው ይህ ኩባንያ፣ በ2015 የበጀት ዓመት 53.4 ቢሊዮን ዶላር አትርፎ ለአንዱ አክሲዮን 9.22 ዶላር ደርሶት ነበር፤ በ2019 ትርፉ 55.3 ቢሊዮን ብቻ ሆኖ ሳለ ለአንዱ አክሲዮን 11.89 ዶላር ደረሰው። ጠቅላላው ትርፍ 3.5 በመቶ ገደማ ሲያድግ የአንዱ አክሲዮን ድርሻ ወደ 29 በመቶ ያደገው፣ የአክሲዮኑ ብዛት ከ5.79 ቢሊዮን ወደ 4.65 ቢሊዮን ስለወረደ ነው። የአፕል አክሲዮን በኋላ እጅግ ስለተወደደ ግዢው ለቀሩት በጅቷል፤ ዕድገቱን ግን የሽያጭ ብልጫ አድርጎ ማንበብ ስሕተት ነው።

ስለዚህ የኩባንያን ሒሳብ የሚያነብ ሰው ለአንዱ አክሲዮን የሚደርሰውን ትርፍ ከማየቱ አስቀድሞ፣ ጠቅላላውን ትርፍና የአክሲዮኑን ብዛት ጎን ለጎን አድርጎ ይመልከት። ለግዢ ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ብዛቱ ካልቀነሰ፣ ኩባንያው በአንድ እጁ የገዛውን በሌላው ለሠራተኞቹና ለአለቆቹ በደመወዝ መልክ ሲያድል ከርሟል፤ የአለቆቹ ጉርሻም ለአንዱ አክሲዮን በሚደርሰው ትርፍ የሚለካ ከሆነ፣ ግዢውን ያዘዘው ማን እንደሆነና በስንት ብር እንደተገዛ መጠየቅ የባለአክሲዮኑ መብት ነው።