«ታታሪ ነኝ» የሚያሰኘው ጥያቄ

ለግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሠራተኛው ራሱን እንዲገመግም የሚታደለው ቅጽ ብዙ ጊዜ «የሥራ ተነሳሽነትዎን ይግለጹ» ይላል። ሠራተኛውም «ታታሪ፣ ቅንና ቁርጠኛ ነኝ» ብሎ ይፈርማል። አለቆች ይህን ሲያነቡ ሠራተኛው መጻፍ አይችልም ይላሉ፤ እኔ ግን ጥፋቱ የቅጹ ነው ባይ ነኝ። ስለ ጠባዩ የተጠየቀ ሰው ስለ ጠባዩ ይመልሳል።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ፍላናጋን እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳተመው ዘዴ፣ ስለ ሰው ባሕርይ አስተያየት መሰብሰቡን ትቶ አንድ የተፈጸመ ነገር እንዲተረክ ይጠይቃል፦ ሁኔታው ምን ነበር? ሰውየው ምን አደረገ? ምንስ ተከተለ?

የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛን እንውሰድ። ጥያቄው እንዲህ ቢቀየርስ? «ባለፉት ስድስት ወራት ዝም ቢባል ሥራ የሚያበላሽ ምን ነገር አገኙ? እርስዎ ምን አደረጉ? ምን ተለወጠ? በየትኛው ሰነድ ይታያል?» ያው ሰው እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «የቢን ካርዱና የመደርደሪያው ቁጥር አልገጥም አለ። ምክንያቱን ስፈልግ ዕቃ በስልክ ትእዛዝ እየወጣ ሞዴል 22 በማግስቱ ይቆረጥ ነበር። ሳይቆረጥ እንዳይወጣ አደረግሁ፤ ዓርብ ዓርብም አሥር ዓይነት ዕቃ እቆጥራለሁ። በጥቅምት ቆጠራ በ14 ዓይነት ዕቃ ላይ ልዩነት ነበር፤ በታኅሣሥ በ3 ብቻ። የቆጠራ ቅጾቹ በፋይል አሉ።» ታታሪ የሚል ቃል የለበትም፤ ታታሪነቱ ግን ይታያል።

«እርስዎ» የሚለው ቃል እንዲሁ አልገባም። እኛ ዘንድ ራስን ማወደስ ነውር ስለሆነ ሰው ሁሉ «ሠራን» ብሎ ያልፋል። «ከቡድኑ ሥራ የእርስዎ እጅ ያረፈበት የትኛው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን የሚናገረው ስለ ሥራው እንጂ ስለ ራሱ ስላልሆነ አያፍርም።

የሰነዱም ጥያቄ ምክንያት አለው። ቁጥር ብቻ ከተጠየቀ «ቅልጥፍናን በ40 በመቶ አሳደግሁ» የሚል ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መልስ ይመጣል። ቁጥር የሌለው ሥራም አለ፤ የጥበቃ ሠራተኛ ወይም የሒሳብ መርማሪ ውጤቱ ሳይደርስ የቀረ ጉዳት ነው። ለእነሱ «ምን አስቀሩ? ማን ያውቃል?» ይበቃል፤ የዓይን ምስክርም ማስረጃ ነው።

የነጥብ መስጫውንም ከትረካው በኋላ ማድረግ ያሻል። አስቀድሞ ለራሱ 5 የሰጠ ሰው ከዚያ በታች የሚጽፈው ለነጥቡ ጥብቅና ነው።

ቅጹ መሥራቱን ለማወቅ የጥቂት መልሶችን ስም ሸፍኖ ማንበብ ነው። አንዱ መልስ ላይ የሌላ ሠራተኛ ስም ቢጻፍ ሐሰት የማይሆን ከሆነ ጥያቄው ገና አልተስተካከለም። ጥያቄዎቹ ጥር ላይ ብቻ ከታደሉም ሰው የሚያስታውሰው ታኅሣሥን ነው፤ ስለዚህ ሐምሌ ላይ፣ በጀት ዓመቱ ሲጀመር፣ ለሠራተኛው በእጁ ይሰጡት።