ትክክለኛ መልስ፣ የተሳሳተ መንገድ፦ የቅጥር ፈተና የአመክንዮ ጥያቄ እንዴት ይታረማል?

ለአንድ ክፍት የሥራ ቦታ ብዙ አመልካች ሲመጣ ባንኮችና ሌሎች ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች መጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና ይሰጣሉ። በፈተናው ውስጥ ብዙ ጊዜ የአመክንዮ ጥያቄ አይጠፋም። ጥቂት ሁኔታዎች ይሰጣሉ፤ ተፈታኙ ከእነርሱ ተነስቶ የግድ እውነት የሚሆነውን እንዲለይ ይጠየቃል። አራሚው የተጻፈለትን ፊደል ከመልስ ቁልፉ ጋር ብቻ አስተያይቶ ነጥብ ከሰጠ ግን አስቦ የደረሰበትንና በአጋጣሚ ያገኘውን ሊለይ አይችልም። እንዲህ ያለው አስተራረም የት እንደሚያሳስትና እንዴት እንደሚስተካከል ለማሳየት አንድ ጥያቄ አዘጋጅቻለሁ። አንባቢ እርሳስና ወረቀት ይዞ ቢከተል ይመረጣል።

አምስት አዲስ ሠራተኞች አሉ፤ አልማዝ፣ በቀለ፣ ጫልቱ፣ ደረጀና እመቤት። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ አንድ ሰው ብቻ ተረኛ ይሆናል፤ እያንዳንዱም የሚደርሰው አንድ ቀን ነው። ሁኔታዎቹ እነዚህ ናቸው፦

1. የበቀለ ተራ ከአልማዝ ተራ ቀጥሎ ባለው ቀን ነው።
2. ጫልቱ ሰኞም ዓርብም ተረኛ አይደለችም።
3. የደረጀ ተራ ከእመቤት ተራ በኋላ ነው፤ የግድ በማግስቱ ላይሆን ይችላል።
4. ደረጀ ዓርብ ተረኛ ከሆነ ጫልቱ ሐሙስ ተረኛ ናት።
5. አልማዝ ሰኞ ተረኛ አይደለችም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ከሚከተሉት የግድ እውነት የሚሆነው የትኛው ነው? ሀ) ጫልቱ ሐሙስ ተረኛ ናት። ለ) እመቤት ሰኞ ተረኛ ናት። ሐ) ደረጀ ዓርብ ተረኛ ነው። መ) በቀለ ረቡዕ ተረኛ ነው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ስሞቹን በቀናቱ ላይ እየደለደለ በመሞከር ነው። ሰኞ እመቤት፣ ማክሰኞ አልማዝ፣ ረቡዕ በቀለ፣ ሐሙስ ጫልቱ፣ ዓርብ ደረጀ ብሎ ይደረድርና አምስቱም ሁኔታዎች መሟላታቸውን ያያል። ድርድሩ ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው ወደ ምርጫዎቹ ሲመለስ ነው፤ በዚህ ድርድር አራቱም ምርጫዎች እውነት ናቸው። አንድ ድርድር የሚያሳየው ነገሩ ሊሆን እንደሚችል እንጂ የግድ መሆኑን አይደለም። እዚህ ላይ ሰዓት ያጣበበው ተፈታኝ ዓይኑ ያረፈበትን ያከብባል፤ ከአራት አንድ ጊዜም ቁልፉን ያገኛል።

ትክክለኛው መንገድ ከዚህ ያጠረ ነው። ሰኞን ብቻ እንያዝና ማን ሊሆንበት እንደማይችል እንጠይቅ። አልማዝ በሁኔታ 5 ወጥታለች። በቀለ ሊሆን አይችልም፤ ከእርሱ በፊት ባለው ቀን አልማዝ መኖር ስላለባት ሰኞ ከዋለ ለእርሷ ቦታ አይቀርም። ጫልቱ በሁኔታ 2 ተከልክላለች። ደረጀም ሊሆን አይችልም፤ እመቤት እርሱን መቅደም አለባት። አራቱ ከወጡ የቀረችው እመቤት ናት፤ ስለዚህ መልሱ ለ ነው። ሁኔታ 4 በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድም ጊዜ አላስፈለገም። ሀን ወይም ሐን የመረጠ ተፈታኝ ምናልባት «ከሆነ» የሚለውን ሁኔታ እንደተረጋገጠ ነገር ወስዶት ይሆናል። በተሳሳቱት ምርጫዎች ላይ ስንት ሰው እንደወደቀ የሚቆጥር አራሚ ይህን ዓይነት ስህተት ከወረቀቱ ላይ ያነባል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ጫልቱ ሐሙስ ተረኛ ካልሆነች ዓርብ ተረኛው ማን ነው?

አሁን ሁኔታ 4 ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጦ ነው። ደረጀ ዓርብ ቢሆን ኖሮ ጫልቱ ሐሙስ ትሆን ነበር፤ ሐሙስ አይደለችም ተብለናል፤ ስለዚህ ደረጀ ዓርብ አይደለም። ጫልቱ በሁኔታ 2 ምክንያት ዓርብ አትሆንም። እመቤትም አትሆንም፤ ከእርሷ በኋላ ደረጀ መኖር አለበት። አልማዝም አትሆንም፤ በማግስቱ በቀለ ስላለ። የሚቀረው በቀለ ነው፤ አልማዝም ሐሙስን ትይዛለች። ማክሰኞና ረቡዕ ለጫልቱና ለደረጀ ይቀራሉ፤ ማን በየትኛው ቀን እንደሆነ ግን ከተሰጠን ነገር ማወቅ አይቻልም። ይህንንም «አይታወቅም» ብሎ መጻፍ የመልሱ አካል ነው።

ይህ የመገልበጥ እርምጃ ለሰው እንደሚከብድ ከታወቀ ቆይቷል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዋሰን በ1966 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የካርድ ፈተና፣ አንድ «ከሆነ» የሚል ደንብ መጠበቁን ለማረጋገጥ የትኞቹ ካርዶች መገልበጥ እንዳለባቸው ይጠየቅ ነበር። አብዛኛው ሰው ደንቡን የሚደግፍለትን ካርድ መረጠ፤ ደንቡን ሊያፈርስ የሚችለውን ካርድ ግን ተወው። የእኛም ተፈታኝ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ የሚሰናከለው እዚሁ ነው።

ለአራሚው ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፦ ጫልቱ ሐሙስ ተረኛ ከሆነች ደረጀ መቼ ነው? መልሱ ዓርብ ነው። ብዙዎችም ዓርብ ብለው ይጽፋሉ። ምክንያት ሲጠየቁ ግን «በሁኔታ 4 መሠረት» ይላሉ፤ ይህ ምክንያት ስህተት ነው። ሁኔታ 4 የሚነግረን ደረጀ ዓርብ ሲሆን ጫልቱ ምን እንደምትሆን ነው፤ ጫልቱ ሐሙስ ስትሆን ደረጀ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ዝናብ ከዘነበ መንገዱ ይረጥባል፤ መንገዱ ስለረጠበ ግን ዘንቧል ማለት አይቻልም፤ የውኃ ቧንቧ ፈንድቶም ሊሆን ይችላል።

ደረጀን ወደ ዓርብ የሚወስደው ሌላ መንገድ ነው። ሰኞ የእመቤት መሆኑን ከመጀመሪያው ጥያቄ አውቀናል። ሐሙስ የጫልቱ ነው። የቀሩት ቀናት ማክሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ናቸው። አልማዝና በቀለ ተከታታይ ቀናት ስለሚያስፈልጓቸው ማክሰኞንና ረቡዕን ይይዛሉ። ለደረጀ ዓርብ ይቀራል። መልሱ አንድ ነው፤ አንደኛው ተፈታኝ ግን አስልቶ ደርሶበታል፣ ሌላኛው የተሳሳተ መንገዱ በዕድል እዚያው ጥሎታል። ሌላ ጊዜ፣ በሌላ ሰነድ ላይ፣ ያው መንገድ ገደል ይከተዋል። ቁልፍ ብቻ የሚያይ አራሚ ለሁለቱም እኩል ነጥብ ይሰጣል።

ስለዚህ የማመዛዘን ችሎታ ለሚፈልግ የሥራ ቦታ፣ ቢያንስ ከጥቂቶቹ ጥያቄዎች ጋር ምክንያት ማስጻፍ ይገባል። ለሦስተኛው ጥያቄ 4 ነጥብ ቢመደብ፣ 1 ለመልሱ፣ 1 እመቤትን ሰኞ ላይ ለማስቀመጥ፣ 1 የቀሩትን ሦስት ቀናት ለመለየት፣ 1 ደግሞ ተከታታዮቹን ጥንድ ቦታ ለማስያዝ ይሰጣል። «በሁኔታ 4 መሠረት» ብሎ ዓርብ የጻፈው 1 ያገኛል።

አሁን ደግሞ ሌላ ወረቀት እንይ። ሁለተኛው ጥያቄም 4 ነጥብ አለው፦ 1 ለመልሱ፣ 1 ሁኔታ 4ን ገልብጦ ደረጀን ከዓርብ ለማስወጣት፣ 1 ጫልቱንና እመቤትን ለማስወጣት፣ 1 ተከታታዮቹ ጥንዶች ውስጥ ፊተኛው ዓርብ ሊሆን እንደማይችል ለማሳየት። አንዲት ተፈታኝ ሁኔታ 1ን ገልብጣ አነበበችው እንበል፤ በቀለ ቀድሞ አልማዝ የምትከተል መሰላት። ደረጀን በትክክል አስወጣች፤ ጫልቱንና እመቤትን አስወጣች፤ «በቀለ ዓርብ ከሆነ ለአልማዝ ቀን አይቀርም» ብላ እርሱንም አስወጣችና «አልማዝ» ብላ መለሰች። መልሱ ተሳስቷል፤ ነገር ግን ካነበበችው ተነስታ ያደረገችው እርምጃ ሁሉ ትክክል ነው። አንድን ስህተት ሁለት ጊዜ መቅጣት ስለማይገባ የመልሱን 1 ነጥብ ታጣለች፣ የእርምጃዎቹን 3 ታገኛለች። ምንም ምክንያት ሳይሰጥ «በቀለ» ብሎ የጻፈው ደግሞ 1 ብቻ ያገኛል። አስተውሎ ማንበብ የሥራው ዋና ክፍል በሆነበት ቦታ ለንባብ ስህተቱ ተጨማሪ ነጥብ መቀነስ ይቻላል። ይህ ግን አንድም ወረቀት ሳይከፈት መወሰን አለበት፤ ስም ከታየ በኋላ የሚወጣ ደንብ ፍትሕን ያበላሻል።

ተፈታኙ ብዙ ሲሆን ሁሉንም ምክንያት ማንበብ አይቻልም፤ ምርጫ ብቻ ያለው ፈተና ይቀራል። ያኔ ግምትን መግታት የሚቻለው በነጥብ ቅነሳ ነው። አራት ምርጫ ባላቸው 20 ጥያቄዎች ላይ ዝም ብሎ የሚያከብብ ሰው በአማካይ 5 ያገኛል። ለእያንዳንዱ ስህተት የ1 ነጥብ ሲሶ ከተቀነሰ 5 ትክክልና 15 ስህተት ያለው ዜሮ ይሆናል። 12 በትክክል መልሶ፣ 6 ተሳስቶ፣ 2 ባዶ የተወ ሰው ከ12 ላይ 2 ተቀንሶበት 10 ያገኛል። ይህ አሠራር ፈተናው ሳይጀመር ጮክ ተብሎ መነገር አለበት፤ አለዚያ የደፈረና የፈራ ሰው ባላወቁት ደንብ ይለያያሉ።

ተፈታኞች ሁሉ ብልህ ቢሆኑም ጥያቄው ራሱ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ከላይ ያለው ጥያቄ ሲታተም ሁኔታ 5 ቢቀር፣ «አልማዝ፣ በቀለ፣ እመቤት፣ ጫልቱ፣ ደረጀ» የሚለው ድርድር ይፈቀዳል። ያኔ እመቤት ሰኞ መሆኗ የግድ አይሆንም፤ ከአራቱ ምርጫዎችም የግድ እውነት የሆነ አንድም አይኖርም። ምልክቱ ውጤቱ ላይ ይታያል፤ በሌሎች ጥያቄዎች ከፍተኛ ነጥብ ያመጡ ተፈታኞች እዚህ ጥያቄ ላይ በአራቱ ምርጫዎች ይበታተናሉ፤ ወይም አብዛኞቹ ከቁልፉ የተለየውን ይመርጣሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ጥያቄው ለሁሉም ይሰረዛል እንጂ ቁልፉ ለጥቂቶች አይለወጥም።

ይህን አስቀድሞ ማወቅ የሚቻለው የፈተና አዘጋጁ የሚፈቀዱትን ድርድሮች በሙሉ ሲዘረዝር ነው። በእኛ ጥያቄ ሦስት ብቻ ናቸው። አንደኛው ከላይ ያየነው ነው። ሁለተኛው እመቤት፣ ጫልቱ፣ ደረጀ፣ አልማዝ፣ በቀለ ነው። ሦስተኛው እመቤት፣ ደረጀ፣ ጫልቱ፣ አልማዝ፣ በቀለ ነው። በሦስቱም ሳይለወጥ የሚገኘው እመቤት ሰኞ መሆኗ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ከዚህ ይረጋገጣል።

ስለዚህ የመልስ ቁልፍ ሲዘጋጅ ከፊደሉ ጎን ሰንሰለቱም መጻፍ አለበት። ወድቄያለሁ ብሎ አቤት የሚል ተፈታኝ ሲመጣ የቅጥር ኮሚቴው «ቁልፉ ለ ይላል» ከማለት ይልቅ አራት መስመር አውጥቶ ሰኞ ማን ማን ለምን እንደማይሆን ያሳየዋል። ተፈታኙም ከአራቱ በየትኛው መስመር እንደማይስማማ መናገር ይችላል፤ መስመሩ ከፈረሰ ነጥቡ ይመለስለታል፣ ካልፈረሰ ውጤቱ ይጸናል።