ኢሜይልን ማሳጠር፣ አክብሮትን ሳያጎድሉ

አንዲት ተማሪዬ የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍላት በኢሜይል ጠይቃኝ ነበር። ጥያቄዋን ያገኘሁት ሦስት አንቀጽ ሰላምታና ይቅርታ ካለፍሁ በኋላ ነው፤ የማመልከቻው ቀነ ገደብ ግን ጭራሽ አልተጻፈም። ዕድሉ ሊያመልጣት ነበር።

አብረን ስናሳጥረው መጀመሪያ የተረፈው «ደብዳቤውን እስከ ግንቦት 10 ይጻፉልኝ» የሚል ሆነ። ትእዛዝ ይመስላል። የቀዘቀዘው ግን ስላጠረ አይደለም፤ ከግሡ የተነሣ ነው። ስለዚህ እንዲህ አስተካከልነው፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። ለዶክትሬት ማመልከቻዬ የድጋፍ ደብዳቤ እስከ ግንቦት 10 ቢጽፉልኝ አመሰግናለሁ። እርስዎን የጠየቅሁት የጥናቴን ሁለተኛ ምዕራፍ መስመር በመስመር ስላረሙልኝ ነው። የማይመችዎት ከሆነ ቢያሳውቁኝ ሌላ መምህር እጠይቃለሁ።»

«ቢጽፉልኝ» ለተጠያቂው እምቢ የማለት ቦታ ይተዋል። ምስጋናውም ለይቶ ስለሚጠቅስ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃው። ይቅርታዎቹን ሁሉ ሰረዝናቸው፤ የተጻፉት እኔን ሳይሆን ራሷን ለማረጋጋት ነበርና።