ደመወዝ ሲቀነስ ዕቃ ለምን ይጠፋል?

ለአውሮፕላንና ለመኪና የሚሆኑ ትናንሽ የብረት ክፍሎችን የሚሠራ አንድ የአሜሪካ ድርጅት ትላልቅ ውሎች አመለጡት። ሠራተኛ ላለመበተን ሲል በሁለት ፋብሪካዎቹ የሁሉንም ደመወዝ ለ10 ሳምንታት በ15 በመቶ ቀነሰ፤ ሦስተኛውን አልነካም። ጄራልድ ግሪንበርግ የተባለው ተመራማሪ በሦስቱም ፋብሪካዎች የሚጠፋውን ንብረት ተከታትሎ ያገኘውን በ1990 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

መነሻው ጆን ስቴሲ አዳምስ በ1960ዎቹ ያቀረበው የፍትሐዊነት ንድፈ ሐሳብ ነበር። አዳምስ እንደሚለው ሠራተኛ የሚከፈለውን ብቻ አይመለከትም። ያወጣውን ጊዜ፣ ጉልበትና ልምድ ካገኘው ገንዘብና ክብር ጋር ያመዛዝናል፤ ከዚያም ይህንን ሚዛን ከሌላ ሰው ሚዛን ጋር ያስተያያል። አንዱ 40 ሰዓት ሠርቶ 400 ዶላር፣ ባልደረባው 50 ሰዓት ሠርቶ 500 ዶላር ቢያገኙ ለሁለቱም ሰዓቱ 10 ዶላር ስለሆነ የሚያስቀይም ነገር የለም። ባልደረባው በዚያው 40 ሰዓት 500 ካገኘ ግን የመጀመሪያው መብሰልሰል ይጀምራል።

የተበደለ የመሰለው ሰው ሥራውን ቀዝቀዝ ያደርጋል፣ ጭማሪ ይጠይቃል ወይም በራሱ እጅ ይወስዳል። «እሱኮ ብዙ ዓመት አገልግሏል» ብሎ ራሱን ሊያሳምን፣ ከሌላ ሰው ጋር መወዳደር ሊጀምር ወይም ሥራውን ሊለቅም ይችላል። ከድርሻው በላይ ያገኘም ይጨንቀዋል፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ «ይገባኛል» ማለት አይከብደውም።

በፋብሪካዎቹ ቅነሳው ሁሉንም እኩል ስለነካ ጎረቤትን አይቶ የሚቀና አልነበረም። ሠራተኞቹ የተወዳደሩት ከራሳቸው ትናንት ጋር ነው፤ ያው ልፋት ትናንት የበለጠ ያስገኝ ነበር። በአንደኛው ፋብሪካ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆሞ ምክንያቱን ዘረዘረ፣ ማዘኑን ገለጸ፣ ጥያቄም መለሰ። በሁለተኛው ውሳኔው በ15 ደቂቃ ያህል ተነግሮ ስብሰባው ተበተነ።

ማብራሪያ በተነፈገው ፋብሪካ የሚጠፋው ንብረት ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ ሩብ የሚጠጋው ሠራተኛም ለቀቀ። በደንብ በተብራራበት ግን ስርቆቱ ከፍ ቢልም ጭማሪው በጣም ያነሰ ነበር፤ የለቀቀም የለም ማለት ይቻላል። ደመወዙ ሲመለስ ስርቆቱም ወደ ቀድሞው መጠን ወረደ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ መመለሱ ነው፤ ሰዎቹ ከመጀመሪያው ሌቦች ቢሆኑ ኖሮ ባልቆመ ነበር።

አንድ ጉድለት ግን አለ። የተቆጠረው በየፋብሪካው የጎደለው ንብረት ስለሆነ ማን እንደወሰደ አይታወቅም። ፕሬዚዳንቱ መረጃውንም ሐዘኔታውንም አንድ ላይ ስለሰጠ የትኛው እንደሠራም መለየት አይቻልም። ግሪንበርግ ሁለቱን ነጥሎ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሌላ ሙከራ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ስርቆትን እንደሚቀንሱ አሳይቷል።